የተራራ ቡት ቁጥር የሚታወቀው በቁልቁለት ነው

አቡነ ዮሴፍ ተራራን ወጥቶ ወደ ላሊበላ ለሚወርድ ሰው ዳገቱ ሳንባን ይፈትናል፤ ቁልቁለቱ ግን ጥፍርን ነው። ተራራው ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ላሊበላ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ሁሉ ቁልቁለት እግር በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ጫማው አፍንጫ ይገፋል። ስለዚህ ለዚህ መንገድ የሚሆን ቡት ደሴ ላይ ስገዛ ሜዳ ላይ ተመቸኝ ማለቱን ትቼ፣ የለካሁትም የሞከርኩትም ለቁልቁለቱ ብዬ ነው።

መለካት የጀመርኩት ቤት ውስጥ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ የቆመና የተራመደ እግር ያብጣል። በርዝመት የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ዋናው ለውጥ በስፋቱና በእግሩ ጀርባ ከፍታ ላይ ይታያል። ጠዋት ልክ የመጣ ቡት ከሰዓት በኋላ ትንሿን ጣት የሚጨመድደው ለዚህ ነው። ወረቀት ከግድግዳ ጋር አስጠግቼ መሬት ላይ አነጠፍኩ፣ ተረከዜን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሙሉ ክብደቴን አሳርፌ ቆምኩ፣ ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ በረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ ምልክት አደረገ። ራስህ ጎንበስ ብለህ ምልክት ካደረግህ ክብደትህ ይዛወርና ልኩ ይሳሳታል። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ይበልጣል፣ ቁጥር የሚመረጠውም ለትልቁ ነው። ደግሞ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፣ የአንዳንዱ ሰው ሁለተኛው ጣት ይቀድማል።

የእኔ ትልቁ እግር ጠዋት ተቀምጬ ስለካው 26 ሴንቲሜትር ነበር። ማታ ቆሜ 26.4 ሆነ። ተራራ ላይ የማደርገውን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ለብሼ ስለካ 26.8 መጣ፤ ካልሲው ከፊትም ከኋላም ቦታ ይወስዳልና። ለስሌት የሚያገለግለው ይህ የመጨረሻው ነው። ለቁልቁለት ከጣት ፊት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ የምፈልገው ከ27.8 እስከ 28.3 የሆነ የውስጥ ርዝመት ነው።

ገበያችን ላይ በብዛት የምናየው የአውሮፓ ቁጥር ነው። በዚህ አቆጣጠር አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚበልጠው በሁለት ሦስተኛ ሴንቲሜትር፣ ማለትም 7 ሚሊ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ነው። ቁጥሩን በ2 አባዝቶ ለ3 ማካፈል የውስጥ ርዝመቱን በግምት ይሰጣል። 41 ወደ 27.3፣ 42 ደግሞ 28፣ 43 ወደ 28.7 ይሆናል። በእኔ ልክ 41 ግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ያስተርፋል፣ 42 አንድ ነጥብ ሁለት፣ 43 ወደ ሁለት ይጠጋል። መልሱ 42 ነው። ይሁንና ፋብሪካዎች በአሠራር ስለሚለያዩ ስሌቱ ከየትኛው ቁጥር መጀመር እንዳለብኝ ከመንገር አያልፍም። በልባሽ ገበያ ደግሞ ቁጥሩ ጭራሹን የጠፋ ቡት ይገጥማል። ያኔ የውስጥ ሶሉን አውጥቶ መሬት ላይ ማንጠፍ፣ ካልሲ ለብሶ ላዩ ላይ ቆሞ ከጣት ፊት የተረፈውን ማየት ነው። የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ከተረፈ ጥሩ ነው። እግር በጎን ከሶሉ ጠርዝ ከፈሰሰ ግን ቡቱ ጠባብ ነው፣ ቁጥር በመጨመር አይድንም።

ሻጩ “አብሽር፣ ሲለበስ ይለቃል” ማለቱ አይቀርም። በጎን በኩል ቆዳው ትንሽ ሊለቅ ይችላል። በርዝመት ግን አይለቅም፤ የቡት አፍንጫ በጠንካራ ነገር የተሠራ ነው።

ቡቱን ሳላስር እግሬን ወደፊት ገፍቼ ጣቴ አፍንጫውን ሲነካ፣ ከተረከዜ ኋላ አንድ ጣት ገባ። ሁለት ጣት ቢገባ ይሰፋ ነበር። ከዚያ ተረከዜን መሬት ላይ መታ መታ አድርጌ ወደ ኋላ አስቀመጥኩና አሰርኩ። ቀጥሎ ቁልቁለት ነው። ደሴ ውስጥ ለጥ ያለ መንገድ ማግኘት ስለሚከብድ ለዚህ ፈተና የተመቸች ከተማ ናት፤ ሻጩን አስፈቅዶ ቅርብ ያለውን አቀበት ወጥቶ መውረድ ይቻላል። ስወርድ ሆን ብዬ እግሬን ጠበቅ አድርጌ እጥላለሁ። ጣት አፍንጫውን መንካት የለበትም።

ከነካ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጥፍሩ የጠቆረ ሰው ወዲያው ትልቅ ቁጥር ይገዛል። ችግሩ ግን ተረከዙ ስላልተያዘ ከሆነ፣ በትልቁ ቡት እግሩ ይበልጥ ይንሸራተትና ይበልጥ ይመታል፤ ተረከዙም ወደ ላይ እየተነሳ ውሃ ይቋጥራል። መለያው ቀላል ነው። በእግር ጀርባና በቁርጭምጭሚት መታጠፊያ ላይ ማሰሪያውን አጥብቀህ እንደገና ውረድ። መምታቱ ከቆመ ርዝመቱ ደህና ነው፣ ጉድለቱ አስተሳሰር ላይ ነበር። ካልቆመ ቡቱ አጭር ነው።

ተረከዝን የሚይዘው አስተሳሰር እንዲህ ነው። ከጣቶቹ አካባቢ ላላ አድርገህ እስከ መታጠፊያው እሰር። እዚያ ሁለቱን ክሮች ጥብቅ አድርገህ ሁለት ሦስት ጊዜ እርስ በርስ ጠምዝዛቸው፤ ይህ ጥምዝ ከታች የጠበቀው እንዳይላላ ይቆልፈዋል። ከዚያ እያንዳንዱን ክር ሳታመሳቅል በዚያው ጎን ወዳለው ቀጣይ መንጠቆ ቀጥ አድርገህ አውጣ፣ በዚህም በየጎኑ ቁም ክር ይሠራል። አሁን የግራውን በቀኙ ቁም ክር፣ የቀኙን በግራው ቁም ክር ሥር አሳልፈህ ሳብ። ተረከዙ ወደ ኋላ ሲቀመጥ ይሰማሃል። ለዳገት ላይኛውን ክፍል ላላ ማድረግ ይሻላል፣ ቁርጭምጭሚት እንደልቡ እንዲታጠፍ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ግን ቁጭ ብሎ እንደገና ማሰር ግድ ነው።

አዲስ ደረቅ ቡት ላይ ተረከዝ ጥቂት ሚሊ ቢነሳ አያሳስብም፣ ሶሉ መታጠፍ ሲለምድ ይቀንሳል። ቆዳውን የሚፈትግ ከሆነ ግን ሁለት ካልሲ መደረብ መፍትሔ አይደለም፤ ጣቶቹን አጨናንቆ ደም ስለሚያግድ በአቡነ ዮሴፍ ብርድ እግር ይቀዘቅዛል። እኔ የማደርገው ከቡቱ ምላስ ሥር ከ3 እስከ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ስፖንጅ መለጠፍ ነው። ስፖንጁ የእግሩን ጀርባ ተጭኖ ተረከዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ የጣቶቹን ቦታ ግን አይነካም። ሁለተኛ የውስጥ ሶል መጨመርም ይረዳል፣ ግን ተረከዙን ከማረፊያው ከፍ ስለሚያደርገው አንዳንዴ መንሸራተቱን ያባብሰዋል። በስፖንጅም በአስተሳሰርም ያልተያዘ ተረከዝ ለዚያ ቡት ቅርጽ ይቀጥናል ማለት ነው፤ ያኔ ያንኑ ቁጥር ከሌላ ፋብሪካ ሥራ መፈለግ ነው።