ጋዙ ያፈሰው እኔ ባጠበቅኩት ቦታ ነበር

ሽታውን ያገኘችው እኛ ጋ የማትሠራ ሴት ናት። ጠዋት ዕቃ ልታስረክብ መጥታ ገና በሩ ላይ እንደቆመች «ቤቱ ጋዝ ጋዝ ይላል» አለች። እኔ እዚያው ኪችን ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ስከትፍ ነበር፤ ምንም አልሸተተኝም። ምድጃ አልለኮስኩም፣ ሲሊንደሩን ግን ልክ እንደገባሁ ከፍቼዋለሁ። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም፤ ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ ነው የሚገማ ነገር የሚጨመርበት። ችግሩ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል።

ዋና ምግብ አብሳያችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ ሮጠው ሲሊንደሩን ዘጉት። ከዚያ በርና መስኮቱን በረገዱ። እኔ ደግሞ ረዳሁ ብዬ ወደ አየር ማውጫው ማራገቢያ ማብሪያ እጄን ስሰድ «ተው! እንዳትነካ!» ብለው ጮኹብኝ። ለካ ማብሪያ ሲበራም ሲጠፋም ውስጡ ትንሽ ብልጭታ አለ፣ ለጋዝ ደግሞ ያቺው ትበቃዋለች። ጋዙም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተኝቶ ነው የሚቀረው፤ ጣሪያ ሥር ያለ ማራገቢያ መጀመሪያ የሚስበው ንጹሑን አየር ነው። ወጥተን ጠበቅን። ሽታው መጥፋቱን ያረጋገጠችልንም ያቺው ሴት ናት፤ በኛ አፍንጫማ ማን ይተማመናል።

«ትናንት ሲሊንደር ስቀይር በሳሙና አይቼው ነበር እኮ» አልኩ፣ ትንሽም ተቆጥቼ።

«እስኪ እንዴት እንዳየህ አሳየኝ።»

ስፖንጁን ሳሙና ነክሬ ሬጉሌተሩን ፈተግ ፈተግ አደረግኩና አጎንብሼ አየሁት። እትዬ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ሲሊንደሩ እኮ ዝግ ነው! ጎማው ውስጥ ምን ጋዝ አለና ይውጣ?» እውነታቸውን ነው። ትናንትም እንደዚሁ ዝግ እንደሆነ ነበር ያየሁት። በዚያ ላይ በስፖንጅ ስፈትገው አረፋውን የምሠራው እኔው ነኝ፣ የጋዙ አረፋ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል?

እሳቸው አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨመሩና አረፋ እንዳይነሳ ቀስ አድርገው አማሰሉት። በረኪና የገባበት ነገር አይሆንም፣ ብረቱን ይበላዋል። የምድጃውን መክፈቻዎች ሁሉ ዘጉ፣ ሲሊንደሩን ከፈቱ፣ ከዚያ በትንሽ ብሩሽ ቀቡት፦ ሬጉሌተሩ ሲሊንደሩ ላይ የሚቀመጥበትን፣ ጎማው ሬጉሌተሩ ላይ የሚገባበትን፣ ጎማውን ራሱን እያጠፉ ከዳር እስከ ዳር፣ በመጨረሻም ምድጃው ጀርባ ያለውን ጫፍ። እኔ ይህን የመጨረሻውን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፣ ምድጃ መሳብ ስለሚያሰለቸኝ።

ከዚያ ቆመው ማየት ጀመሩ። ዝም ብለው። ሲሊንደሩ ጋ ያለው ግፊት ከባድ ስለሆነ እዚያ ካፈሰ አረፋው ቶሎ ይነፋል፣ አንዳንዴም እስስ ሲል ይሰማል። ከሬጉሌተሩ በኋላ ግን ግፊቱ በጣም ትንሽ ነው፤ አረፋው የሚመጣው ተንቀራፍፎ ነው፣ አንድ ደቂቃ ያህል ያልታገሠ አያየውም። እኛም ያየነው እንደዚያ ነው። ጎማውን ሬጉሌተሩ ላይ የሚያስረው ብረት ሥር የስናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ አረፋዎች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ጠርገው እንደገና ቀቡት፣ እዚያው ቦታ ተመልሰው መጡ።

እኔ ወዲያው ጠመንጃ መፍቻ አነሳሁ፣ ላጠብቀው።

«ማን ነው እንዲህ ያነቀው?» አሉ እትዬ።

እኔ ነኝ። ከሳምንት በፊት፣ እንዳያፈስ ብዬ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ። ሲሊንደሩን ዘግተን ማሰሪያውን ስንፈታው ብረቱ ጎማውን ዙሪያውን ቆርጦት ገብቷል። ትንሽ ባጠብቀው ኖሮ ቁርጡ ይብስ ነበር። ፕላስተር ልጠቅልልበት ወይ ብዬም ጠይቄያለሁ፣ አላፍርም፤ መልሳቸውን ግን እዚህ አልጽፈውም። ሙሉ ጎማው ተቀየረ፣ ለጋዝ ተብሎ በተሠራ ጎማ። እስከ መጨረሻው ገፍተን አስገባነው፣ ማሰሪያውንም ጎማው በእጅ ሲጠመዘዝ እንዳይዞር ያህል ብቻ አጠበቅነው። ከዚያ እንደገና ሳሙና፣ እንደገና መጠበቅ። ምንም የለም። ሳሙናውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው።

አሁን ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር፣ ባይቀየርም በሳምንት አንዴ፣ ምድጃውን ስቤ እንደዚያው አደርጋለሁ። ማታ ደግሞ መጀመሪያ ሲሊንደሩን ነው የምዘጋው፣ እሳቱ እየነደደ። ጎማው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነዶ እሳቱ በራሱ ሲጠፋ የምድጃውን እዘጋለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ሌሊቱን ጎማው ባዶውን ያድራል። ጠዋት መብራት ከማብራቴ በፊትም ወደ ወለሉ ጎንበስ ብዬ አሸታለሁ። ያቺ ዕቃ አምጪዋ ሴት አንድ ቀን እንዲህ ሆኜ አገኘችኝና «ምን ጠፋህ?» አለችኝ።