ሥሮቹን ሳይፈቱ k-ን ማግኘት፦ ሁለት መልስ ሲመጣ የቱ ይጣላል?

የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ተማሪን በጣም የሚያሳስተው የኳድራቲክ ጥያቄ ስሌቱ ቀላል የሆነው ነው። እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው፦ x² − kx + (k + 5) = 0 ሁለት ሪል ሥሮች አሉት፤ የሥሮቹ ስኩዌር ድምር 5 ከሆነ k ስንት ነው?

ሥሮቹን በፎርሙላ ፈልጎ መግባት ይቻላል፤ እኔ ግን አልሞክረውም። በካሬ ሥር ምልክቱ ውስጥ k² − 4k − 20 ይገባል፤ ሁለቱን ሥሮች ስኩዌር አድርጎ መደመር ወረቀት ከመጨረስ ውጪ ትርፍ የለውም። ጥያቄው ሥሮቹን አልጠየቀም። የጠየቀው k-ን ነው። ለዚያ የሥሮቹ ድምርና ብዜት ይበቃሉ፦ እኩልታው ax² + bx + c = 0 ከሆነ ድምሩ −b/a፣ ብዜቱ c/a ነው።

እዚህ a = 1 እና b = −k ስለሆነ ድምሩ k ይሆናል፤ ብዜቱ ደግሞ k + 5። ሥሮቹን α እና β ብንላቸው፣ α² + β² ማለት የድምሩ ስኩዌር ሲቀነስ የብዜቱ እጥፍ ነው፦

k² − 2(k + 5) = 5
k² − 2k − 15 = 0
(k − 5)(k + 3) = 0

k = 5 ወይም k = −3። እስከዚህ ድረስ የሚቸገር ተማሪ ብዙም የለም። ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አንዱ ሁለቱንም ጽፎ ይወጣል። ሌላው ደግሞ፣ የርዝመትና የስፋት ጥያቄ ላይ «ኔጌቲቩን ጣል» ሲባል ስለለመደ፣ −3ን ሰርዞ 5ን ያከብባል። ሁለቱም አልመለሱም። ትክክለኛው −3 ብቻ ነው። k = −3 ሲገባ እኩልታው x² + 3x + 2 = 0 ይሆናል፤ ሥሮቹ −1 እና −2 ናቸው፤ ስኩዌሮቻቸው 1 እና 4፣ ድምራቸው 5። k = 5 ሲገባ ግን x² − 5x + 10 = 0 ይመጣል፤ ዲስክሪሚናንቱ 25 − 40 = −15 ነው። ሪል ሥር የለውም።

«መልሱን መልሳችሁ አስገብታችሁ አረጋግጡ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። 5ን መልሰህ አስገባ፦ ድምሩ 5፣ ብዜቱ 10፣ 25 − 20 = 5። ልክ ነው! ስህተቱ ያለው መልስ ማረጋገጫውን ያለ እንከን ያልፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የድምርና የብዜት ሕግ ሥሮቹ ሪል ይሁኑ ኮምፕሌክስ አይለይም፤ α² + β² = (α + β)² − 2αβ የሚለውም እንዲሁ። በሠራህበት መሣሪያ መልሰህ ብትመረምር መሣሪያው የማያየውን ነገር አያሳይህም። መመርመር ያለብህ ከውጭ ነው።

እኔ የምመረምረው ድምሩንና ብዜቱን ጎን ለጎን ጽፌ ነው። ሪል ሥሮች እንዲኖሩ የድምሩ ስኩዌር ከብዜቱ አራት እጥፍ ማነስ የለበትም፤ a = 1 ሲሆን ይህ ራሱ ዲስክሪሚናንቱ ነው። ከዚያም የሚፈጥን አለ፦ የሁለት ሪል ቁጥሮች የስኩዌር ድምር ከብዜታቸው እጥፍ አያንስም፣ ምክንያቱም ልዩነቱ (α − β)² ነው። እዚህ የስኩዌሩ ድምር 5፣ ብዜቱ 10 ነው። 5 ከ20 ያንሳል፤ ወደቀ። ይህ በአእምሮ የሚሠራ ስለሆነ ፈተና ላይ ጊዜ አይበላም።

ምልክት አይቶ መጣል እንደማያዋጣ ለማየት ጥያቄውን ትንሽ መቀየር ይበቃል። k + 5ን k + 1 አድርጉት፤ የስኩዌሩን ድምር ደግሞ 13። የሚመጣው እኩልታ ያው k² − 2k − 15 = 0 ነው፤ k-ዎቹም ያው 5 እና −3። አሁን ግን ሁለቱም መልስ ናቸው። 5 ሲገባ x² − 5x + 6 = 0 ሥሮቹ 2 እና 3፤ −3 ሲገባ x² + 3x − 2 = 0 ዲስክሪሚናንቱ 17። ስለዚህ «ኔጌቲቩን ጣል» የሚባል ሕግ የለም፤ «ሁለቱንም ጻፍ» የሚባልም የለም።

ዘዴው የሚጠራበት ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ቪየት (1540–1603) ራሱ ይቀበል የነበረው ፖዘቲቭ ሥሮችን ብቻ ነው። በእሱ ልማድ ቢሆን −1 እና −2 ከጨዋታ ውጪ ነበሩ። እኛ ግን ያንን ልማድ የምንሸከምበት ምክንያት የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው አስተያየት ከብዙ መምህር ጋር ያጣላኛል፦ ዲስክሪሚናንት ሁልጊዜ መመርመር አያስፈልግም። «የሥሮቹ ልዩነት 3 ነው» ከተባለ S² − 4P = 9 ብለህ ነው የምትጀምረው (S ድምሩ፣ P ብዜቱ)፤ ፖዘቲቭነቱን ጥያቄው ራሱ ሰጥቶሃል። «አንዱ የሌላው እጥፍ ነው» ከተባለም ሥሮቹ α እና 2α ናቸው፣ ድምሩ 3α ነው፤ k ሪል ከሆነ α በግድ ሪል ነው። ምርመራው የሚያስፈልገው ሁኔታው ሁለቱን ሥሮች ሳይለይ ሲያቀላቅል ነው፦ የስኩዌር ድምር፣ የኪዩብ ድምር፣ የግልባጭ ድምር።

በእጥፉ ጥያቄ ላይ የሚያደናቅፈው ሌላ ነገር ነው፤ a-ን መርሳት። 2x² − kx + 16 = 0 አንዱ ሥር የሌላው እጥፍ ነው እንበል። ብዜቱ 16 ሳይሆን 16/2 = 8 ነው። 2α² = 8፣ α = 2 ወይም −2፤ ድምሩ k/2 = 3α ስለሆነ k = 12 ወይም −12። በ16 የሄደ ሰው α² = 8 ላይ ይደርሳል፣ ካሬ ሥሩ አልወጣ ይለዋል። ቁጥሩ እንዲህ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚታየው a ነው። እዚህም ሁለቱም k-ዎች ይጻፋሉ፤ ጥያቄው «k > 0» ካላለ −12ን የሚጥል የመልስ ወረቀት ራሱ ተሳስቷል።

a ውስጥ k ካለማ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። (k² − 1)x² + 5x + (k − 1) = 0 አንዱ ሥር የሌላው ግልባጭ ከሆነ ብዜቱ 1 ነው፤ k − 1 = k² − 1 ይሆንና k = 0 ወይም 1 ይመጣል። 1 ሲገባ ግን x² ራሱ ይጠፋል፣ የሚቀረው 5x = 0 ነው። እኔ ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ዳር ላይ «a ≠ 0» ብዬ እጽፋለሁ።

ጥያቄ የምታወጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ከሥሮቹ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሥሩ። x² − x + k = 0፣ የሥሮቹ ግልባጮች ድምር 2 ነው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ 1/k = 2፣ k = 1/2 ይወጣል፣ መልሱም ንጹሕ ይመስላል። ዲስክሪሚናንቱ ግን 1 − 2 = −1 ነው። ጥያቄው ሥሮቹ ሪል ናቸው ካለ መልስ የለውም፤ እንዲህ ያለው ሲደርሳችሁ ከአማራጮቹ የቀረበውን ከማክበብ ይልቅ ስሌቱን አሳይታችሁ «እንዲህ ያለ k የለም» ብላችሁ ጻፉ።