ከፎቶ አይቼ «ጀርመን ነው» ያልኩት ቡችላ

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ጎረቤቴን ባላሳዘንኩ ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

ጅማ ውስጥ ቡችላ የሚገዛ ሰው አሁን አሁን መጀመሪያ የሚያየው ፎቶ ነው። በቴሌግራም ይላካል፣ ከሥሩ «የጀርመን ክልስ» ተብሎ ይጻፋል፣ ዋጋ ይጠራል። እኔ ደግሞ ሰፈራችን ግንጆ ውስጥ «ውሻ ያውቃል» ከሚባሉት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ግቢያችን ያለ ውሻ ውሎ አያውቅም፣ ያነበብኩትም ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ስልኩን ያቀብለኛል። እኔም ጆሮውን፣ ጸጉሩንና አፉን አይቼ «ይሄ እንዲህ ነው» እላለሁ። ለዓመታት እንደዚያ ስል ኖርኩ፣ ማንም መልሶ አልጠየቀኝም።

ጎረቤቴ ጋሼ ግቢያቸው ሌባ ገብቶባቸው ነበርና ዘበኛ የሚሆን ትልቅ ውሻ ፈለጉ። አንድ ቀን ማታ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ቡችላው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ ነው፣ ሁለት ወር ሞልቶታል፣ 4,000 ብር ይሉታል። ወንድ ነው። ጀርባው ጥቁር፣ እግሩና ደረቱ ቡላ፣ አፉ ዙሪያ የጠቆረ፣ ጸጉሩ የተነፋ። አንዱ ጆሮ ቆሟል፣ ሌላው ወድቋል። አፉ ረዘም ያለ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ግማሹ ጀርመን ነው፣ ይውሰዱት» አልኳቸው።

«አንተ ካልክ በቃ» አሉኝ። በማግስቱ ወሰዱት።

ያ ቡችላ ዛሬ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ጸጉሩ አጭርና ቡላ ነው፣ ጆሮዎቹ ከመሃል ታጥፈው ወደ ፊት ወድቀዋል፣ ባለፈው ስንመዝነው 19 ኪሎ ሆነ። የአዋቂ ወንድ ጀርመን ሸፐርድ ክብደት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው። ጋሼ አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። ግን በሩ ላይ ቆመው ውሻውን አይተው ወደ እኔ ሲያዩ ምን እያሰቡ እንደሆነ ይገባኛል።

ያኔ ያየሁትን ፎቶ እስካሁን አላጠፋሁትም። ብዙ ጊዜ ተመልሼ አይቼዋለሁ። የተሳሳትኩት አንድ ቦታ ብቻ አልነበረም፣ ያየሁት ምልክት ሁሉ በየራሱ ምክንያት አታሎኛል።

ከጆሮው ልጀምር። አንድ ጆሮ መቆሙ «ሌላውም ሊቆም ነው» አሰኝቶኝ ነበር። እውነተኛ የጀርመን ቡችላ እንኳ ጆሮው የሚጸናው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው፣ ጥርስ ሲቀይር ደግሞ የቆመው ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። በሁለት ወር ዕድሜ የሚታየው ጆሮ ገና ያላለቀ ነገር ነው። አዋቂ ቢሆንም ያው ነው። የጆሮ አቋምና መጠን በአንድ ዘር ብቻ አይወሰንም። የቆመ ጆሮ ያለው ከተንጠለጠለ ጆሮ ካለው ጋር ሲዳቀል ብዙ ጊዜ የሚወጣው መሃል ላይ የታጠፈ ጆሮ ነው፣ ያ የታጠፈ ጆሮ ደግሞ ከየትኛው ዘር እንደመጣ አይናገርም። የእኛው የሐበሻ ውሻ ራሱ የቆመም፣ የታጠፈም፣ የወደቀም ጆሮ አለው። ኸርማታ ገበያ አንድ ጠዋት ቆሞ ያየ ሰው ሦስቱንም ያገኛቸዋል።

ጸጉሩ የባሰ አታሎኛል። የተነፋ ጸጉር የቡችላ ጸጉር ነው፣ ብዙ ቡችላ ይነፋል። ጥቁር ጀርባውም ቋሚ አልነበረም። ሲወለዱ የሚጠቁሩ፣ እያደጉ ሲሄዱ ግን ጥቁሩ እየሳሳ ቡላ የሚሆኑ ውሾች አሉ፣ የጋሼ ውሻ እንደዚያ ነበር። በአምስተኛው ወር ጥቁሩ ከጀርባው መሃል ላይ እንደ መስመር ብቻ ቀረ። ጋሼ ታሟል ብለው ሐኪም ጋ ሊወስዱት ነበር።

ስለ ጸጉር ርዝመት ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ውሻ ረጅም ጸጉር እንዲያወጣ የረጅም ጸጉሩን ዘር ከእናቱም ከአባቱም መውረስ አለበት፣ አጭር ለመሆን ግን ከአንዳቸው መውረስ ይበቃዋል። ስለዚህ ጸጉረ ረጅም አባት ከእኛ አጭር ጸጉር ውሻ ጋር ቢገናኝ ቡችሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ጸጉር ሆነው ይወጣሉ። አባታቸው ጸጉራቸው ላይ የለም፣ ደማቸው ውስጥ ግን አለ። በተቃራኒው ጢምና ረጅም ቅንድብ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢመጣም ይታያል። የሐበሻ ውሻ ላይ ጢም አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ፎቶ ላይ ጢማም ውሻ ካየሁ ከኋላው የሆነ የፈረንጅ ውሻ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። ከፎቶ ልተማመንባቸው ከምችላቸው ጥቂት ምልክቶች አንዱ ይሄ ነው። እሱም የትኛው ዝርያ እንደሆነ አይነግረኝም።

አፉን በተመለከተ ያታለለኝ ስልኩ ነው። ሻጩ ፎቶውን ያነሳው በክንድ ርቀት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቡችላው ቀና ብሎ ሲያየው ነው። በዚህ ርቀት ለካሜራው የቀረበው አፍንጫ ከራስ ቅሉ አንጻር ይገዝፋል። በሁለት ወር የቡችላ አፍ በእውነት አጭር ነው፣ የሚረዝመው ሲያድግ ነው። እኔ «ረጅም» ያልኩት የካሜራውን ሥራ ነበር። አሁን ከጎን ባነሳሁት ፎቶ ላይ በማስመሪያ ለካሁት፦ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ዓይኖቹ መሃል ያለው 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ እስከ ጭንቅላቱ ኋላ ያለውም 4 ሊሞላ ምንም አልቀረው። እኩል ለእኩል። ይህ መጠን የጀርመንም፣ የሐበሻም፣ የብዙ ሌላ ውሻም ነው። በጣም ያጠረና የተደፈጠጠ ፊት ቢሆን አንድ ነገር ያመለክት ነበር። መካከለኛ አፍ ምንም አያመለክትም።

አሁን ወደ ሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እኔና ጋሼ አብረን ወሰድነው። ክትባቱን የሚሰጠው ልጅ ጎበዝ ነበር፣ መርፌው በደቂቃ አለቀ። ካርድ የሚሞላው ሰው ግን ቀና ብሎ ውሻውን እንኳ ሳያይ «ዝርያ?» አለ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «የጀርመን ክልስ» አልኩ። እሱ «ክልስ»ን ትቶ «ጀርመን ሸፐርድ» ብሎ ጻፈ፣ ማህተም መታበት።

ጥርጣሬ የገባኝ በአምስተኛው ወር ነው። ያኔ ጋሼ ምን አሉኝ? «ካርዱም ላይ እኮ ጀርመን ይላል።» ካርዱ ላይ ያለው የእኔው ግምት ነበር! ከእኔ አፍ ወጥቶ፣ በማህተም ታሽጎ፣ ማስረጃ ሆኖ መጣብኝ። ተመልሼ ሄጄ «ይስተካከልልን፣ አባቱ አይታወቅም» ብዬ ለመንኩ። «ማህተም ያረፈበት አይሰረዝም፣ ክፍት ቦታም መተው አይቻልም» ተባልኩ። ለሦስት ቀን ተመላለስኩ፣ አንዱን ቀን በዝናብ። አልሆነም። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። ከሰውየው ይልቅ ግን የማዝነው በራሴ ነው፣ ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ይህ የጅማ ችግር ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2009 አሜሪካ ውስጥ ቪክቶሪያ ቮይት የተባሉ የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የ20 ክልስ ውሾችን ዲኤንኤ አስመርምረው፣ ውሾቹን ለአሳዳጊ የሰጡት ድርጅቶች በዓይን ገምተው ከጻፉት ዝርያ ጋር አነጻጽረውት ነበር። ዝርያቸው በስም ከተጠቀሰው ውሾች በ87.5 በመቶዎቹ ላይ ከተጻፉት ዝርያዎች ቢያንስ አንዱ በምርመራው አልተገኘም። እነዚያ ሰዎች በየቀኑ ውሻ የሚያዩ፣ ውሻውንም በእጃቸው የያዙ ናቸው። እኔ ያየሁት የስልክ ፎቶ ነው።

«ታዲያ ዲኤንኤ አስመርምር» የሚለኝ ሰው አለ። ምርመራው የሚሠራው የውሻውን ዘር ቀድሞ ከተሰበሰቡ ዝርያዎች ጋር በማስተያየት ነው። የሐበሻ ውሻ ግን የፈረንጅ ዝርያዎች ተደባልቀው የተገኘ አይደለም፣ እነዚያ ዝርያዎች አብዛኞቹ በክበብና በመዝገብ ከመለየታቸው በፊት የነበረ የራሱ ዘር ያለው ውሻ ነው። ስብስቡ ውስጥ የእኛ አገር ውሻ ከሌለ ምርመራው በግድ የቀረበውን ዝርያ ስም ሊሰጠው ይችላል። የእኔም ስህተት ይኸው ነበር። «ግማሹ ጀርመን፣ ግማሹ ምን?» ብዬ ስጠይቅ፣ ሙሉ በሙሉ የሐበሻ ውሻ ሊሆን እንደሚችል አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። እናቱን በኋላ ሄጄ አየኋት። ቡላ ናት፣ ጆሮዋ የታጠፈ፣ 17 ኪሎ ቢሆናት ነው። የዚያን ዕለት ማታ ለመሄድ ሰነፍኩ እንጂ ከግንጆ ፈረንጅ አራዳ ሩቅ አይደለም።

አሁን ፎቶ ሲላክልኝ ሦስት እጠይቃለሁ። ከጎን፣ በውሻው ዓይን ከፍታ፣ ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ የተነሳ፤ ፊት ለፊት፣ አፉን ዘግቶ፤ ሦስተኛው ቆሞ መላ አካሉ የሚታይበት። ጸጉሩ ደረቅ ይሁን፣ የእኛ ዝናብ የረጠበ ውሻን ቀለምም ቅርጽም ይለውጣል። የፈራ ውሻ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ስለዚህ ስሙን ጠርተው ዞር ሲል ያንሱት። ቀለሙን መጨረሻ ላይ ነው የማየው፣ መጀመሪያ ካየሁት ሌላውን ሁሉ እሱ ይመራኛል። ከስድስት ወር በታች ላለ ቡችላ ጭራሽ አልገምትም። የእናቱን ፎቶ ላኩልኝ እላለሁ። ካርድ ላይ ደግሞ «ክፍት አይተውም» ቢሉም «የአካባቢ ውሻ፣ አባቱ ያልታወቀ» ተብሎ እስኪጻፍ ከወንበሬ አልነሳም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ሴት ውሻውን ይዞ ጋሼ በር ላይ መጣ። ካርዱን የሆነ ቦታ አይቶ ከ«ጀርመኑ» ሊያዳቅል ነው። ጋሼ ወደ እኔ ላኩት። ውሻውን፣ የእናቱን ፎቶና የድሮውን የቡችላ ፎቶ ጎን ለጎን አሳየሁት። ሰውየው ረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና «ግን ካርዱ…» አለኝ። ካርዱን ያስሞላሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት።