ሁለት ፈዛዛ መስመሮች፣ ሁለት የተለያዩ ስላይዶች

በካሴት የሚሠራው የወባ ፈጣን ምርመራ ልምምዴ አሁን ፈዛዛ መስመር ላይ ደርሷል። ቁልጭ ብሎ የወጣ መስመር ማንንም አያከራክርም። ካሴቱን ወደ ብርሃን አዙረን የምናየው ግን ያጨቃጭቃል። አንዱ "አለ" ይላል፣ ሌላው "የለም"። ደንቡ ግን ግልጽ ነው። ምርመራው በትክክል መሥራቱን የሚያሳየው የኮንትሮል መስመር ከወጣና አምራቹ በወሰነው ሰዓት ከተነበበ ፈዛዛም ቢሆን ፖዘቲቭ ነው። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ብቅ ያለ መስመር ግን አይቆጠርም፤ ካሴቱ ሲደርቅም እንዲህ ያለ መስመር ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ደሙን የጨመርኩበትን ሰዓት ካሴቱ ላይ እጽፋለሁ።

ሰሞኑን ያየኋቸው ሁለት ናሙናዎች በካሴት ላይ መንታ ይመስላሉ። ሁለቱም ላይ ኤችአርፒ-2 የሚባለውን፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ፓራሳይት የሚሠራውን ፕሮቲን የሚያሳየው መስመር ፈዘዝ ብሎ ወጥቷል።

የመጀመሪያው ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት የወባ መድኃኒት ጨርሷል። ስላይድ ላይ ያለውን ወፍራም የደም ስሚር በጂምሳ ቀለም ቀብቼ በማይክሮስኮፕ በዘይት፣ በ100 ሌንስ፣ 200 ፊልድ አየሁ። ምንም የለም። ይህ ፕሮቲን ፓራሳይቱ ከሞተም በኋላ ደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፤ አንዳንዴ ከወር ያልፋል። መስመሩ ያሳየው ያለፈውን ወባ ሳይሆን አይቀርም። ፒኤልዲኤች የሚባለውን የፓራሳይት ኢንዛይም የሚለይ ካሴት እዚህ ይረዳል፤ እሱ ከፓራሳይቱ ጋር ቶሎ ይጠፋል።

ሁለተኛው ሰው መድኃኒት አልወሰደም፣ ያተኩሰዋል። መጀመሪያ ያየኋቸው ፊልዶች ባዶ ነበሩ፣ እዚያ ላይ ማቆም ያጓጓል። ቀጠልኩ። 500 ነጭ የደም ሕዋስ ስቆጥር 12 ፓራሳይት አገኘሁ። በማይክሮሊትር 8,000 ነጭ ሕዋስ አለ ብለን ስናሰላ 12 ሲባዛ በ8,000፣ ሲካፈል ለ500፣ በማይክሮሊትር 192 ፓራሳይት ይሆናል። ለፈጣን ምርመራው ይህ የአቅሙ ጠርዝ ነው፤ መስመሩ የፈዘዘውም ለዚህ ነው።

ፕላትሌት እዚህ ላይ በጣም ያታልላል። እሱም ሐምራዊ ነው። ፓራሳይት ብዬ የምቆጥረው ቀይ የክሮማቲን ነጥብና ሰማያዊ ሳይቶፕላዝም አብረው ሲታዩኝ ብቻ ነው። የቀለም ዝቃጭ ደግሞ ፎከሱን ስነካካው ከሕዋሶቹ በተለየ ከፍታ ላይ ይጠራል።

መስመር ፈዘዘ ማለት ፓራሳይቱ ትንሽ ነው ማለት ደግሞ ሁልጊዜ አይደለም። አንቲጅኑ፣ ማለትም ካሴቱ የሚፈልገው ፕሮቲን፣ ከመጠን በላይ ሲበዛ ኤችአርፒ-2 መስመር ሊደክም፣ አልፎ አልፎም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ፕሮዞን ይሉታል። ስሚሩ በፓራሳይት ተሞልቶ ካሴቱ ፈዛዛ ከሆነ ደሙን በሳላይን አሥር እጥፍ አቅጥኖ መድገም ነው። ፕሮዞን ከሆነ መስመሩ በቀጠነው ደም ላይ ይደምቃል። ቀጥዬ የምለማመደው ይህንን ነው።