የናሚብን የአሸዋ ክምሮች ከነፋስ መዝገብ ለመተንበይ ስሞክር

በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የሚገኘውን የናሚብን የአሸዋ ባሕር የመረጥሁት ዋና ዋናዎቹ የክምር ዓይነቶች በአንድ በረሃ ውስጥ ተራ በተራ ስለሚገኙበት ነው። በአትላንቲክ ዳርቻ ጨረቃ መሰልና አግድም ክምሮች አሉ፤ ወደ መሀል ሲገባ ከደቡብ ወደ ሰሜን ለብዙ ኪሎ ሜትር የተዘረጉ መስመራዊ ክምሮች ይመጣሉ፤ በምሥራቁ ጠርዝ ደግሞ ከአንድ ጫፍ ብዙ ክንድ የሚያወጡ ኮከብ መሰል ክምሮች ይገኛሉ። መልሱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ የምጠቀምበትን ዘዴ ለመፈተን የተመቸ ነበር። እናም በሳተላይት ምስሉ ላይ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ምሥራቅ መስመር አስምሬ በመስመሩ ላይ ሦስት ቦታዎችን ያዝሁ፤ ለእያንዳንዱም በ10 ሜትር ከፍታ ላይ በየሰዓቱ የተለካውን የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ ሰብስቤ፣ ከዚህ ብቻ ተነሥቶ የክምሩን ቅርጽ መናገር ይቻል እንደሆነ ማስላት ጀመርሁ።

የተጠቀምሁበት ቀመር በ1979 የጂኦሎጂ ባለሙያው ፍራይበርገር ካቀረበው ስሌት የተወሰደ ሲሆን፣ አንድ ነፋስ ሊያንቀሳቅስ የሚችለውን የአሸዋ መጠን እንዲህ ይገምታል፦

```
Q ∝ V² (V − Vt) t
```

እዚህ ላይ V በኖት፣ ማለትም በሰዓት በባሕር ማይል፣ የተለካ የነፋስ ፍጥነት ነው፤ t ነፋሱ የነፈሰበት ጊዜ ነው፤ Vt ደግሞ አሸዋው መንቀሳቀስ የሚጀምርበት ፍጥነት ሲሆን ለተለመደ የበረሃ አሸዋ 12 ኖት ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚያ በታች የሚነፍስ ነፋስ፣ ዓመቱን ሙሉ ቢነፍስም እንኳ፣ ከስሌቱ ውጭ ነው።

የመጀመሪያ ስሕተቴ የመጣው ሥራ ለማቅለል ከመፈለግ ነበር። የሰዓቱን መረጃ ትቼ የየዕለቱን አማካይ ፍጥነት ስላስገባሁ፣ በሦስቱም ቦታዎች አሸዋው ከቦታው የማይነቃነቅ መስሎ ታየኝ። የተሳሳትሁበትን ያገኘሁት ሁለት ሰዓታትን ብቻ ወስጄ በእጄ ሳሰላ ነው። በአንደኛው ሰዓት ነፋሱ 4 ኖት፣ በሁለተኛው 20 ኖት ቢሆን አማካዩ በትክክል 12 ይሆናል፤ ቀመሩም ዜሮ ይሰጣል። ሰዓቶቹ ለየብቻ ሲሰሉ ግን የ20 ኖቱ ነፋስ 400 ሲባዛ በ8፣ ማለትም 3200 ያወጣል። ባለ 14 ኖት ነፋስ 392፣ ባለ 30 ኖት ነፋስ 16200 መስጠቱን ስመለከት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ፤ አንድ ሰዓት ብርቱ ነፋስ የሚያጓጉዘውን አሸዋ ደካማው ነፋስ ለማጓጓዝ 41 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ የክምሩን ቅርጽ የሚወስነው በብዛት የሚነፍሰው ነፋስ ላይሆን ይችላል፤ ጥቂት ቀናት ብቻ መጥቶ የሚሄደው ብርቱ ነፋስም ድርሻ አለው።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚህ ይልቅ አሳፋሪ ነበር። በሜትዎሮሎጂ መዝገብ የነፋስ አቅጣጫ የሚጻፈው ከመጣበት በኩል ሲሆን፣ አሸዋው ግን የሚሄደው ወደ ተቃራኒው ነው። ይህን ዘንግቼ በባሕሩ ዳርቻ አሸዋው ወደ ደቡብ እንደሚጓዝ ጻፍሁ። ያረመኝ ምስሉ ራሱ ነው፤ የጨረቃ መሰል ክምር ሁለት ቀንዶች ሁልጊዜ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይጠቁማሉ፣ ነፋስ የሚመታው ጀርባው ዘንበል ያለ ሲሆን፣ በቀንዶቹ መካከል ያለው ፊት ደግሞ አሸዋ የሚንሸራተትበት ወደ 33 ዲግሪ የሚጠጋ ቁልቁለት ነው። እኔ ወደ ደቡብ ስል ቀንዶቹ ወደ ሰሜን ያመለክቱ ነበር።

ሁለቱን ካረምሁ በኋላ የየአቅጣጫውን መጠን ደምሬ አንድ ንጽጽር አወጣሁ፤ ይኸውም ነፋሶቹ እርስ በርስ ከተጣፉ በኋላ የሚቀረው ጉዞ ለጠቅላላው ጉዞ ያለው ድርሻ ነው። ድርሻው ወደ 1 ከቀረበ ነፋሱ በአንድ አቅጣጫ የጸና ነው፤ ወደ 0 ከቀረበ ከየአቅጣጫው ይመጣል። በመሀሉ የናሚብ ክፍል የሚሆነውን ለማየት ቁጥሩን ቀለል ላድርገው። በዓመት ከሚጓጓዘው 100 እጅ አሸዋ 60ውን የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ 40ውን ደግሞ በክረምት የሚመጣው የምሥራቅ ነፋስ ወደ ምዕራብ ይወስደዋል እንበል። 60ው በ45 ዲግሪ ኮሳይን ተባዝቶ በሁለቱ አቅጣጫዎች ሲተነተን ወደ ሰሜን 42.4፣ ወደ ምሥራቅም 42.4 ይሆናል፤ የምሥራቁን ጉዞ 40ው የምዕራብ ጉዞ ያጣፋውና 2.4 ብቻ ይቀራል። የተጣራው ጉዞ እንግዲህ 42.5 ያህል ሲሆን ከሞላ ጎደል ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ድርሻውም 0.425 ነው። የሁለቱ ጉዞዎች አቅጣጫ በ135 ዲግሪ ይራራቃል፤ ርቀቱ ከ90 ዲግሪ ሲያልፍ ክምሩ ለነፋሶቹ አግድም መቆሙን ትቶ በጉዞው አቅጣጫ ይረዝማል።

ይህን በቁጥር ካየሁ በኋላ በተለያየ ወቅት የተነሡ ሁለት ምስሎችን ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ መስመራዊ ክምር ተከተልሁ። የደቡብ ምዕራብ ነፋስ በሚበረታበት በጋ በአናቱ ላይ ያለው ቁልቁል ፊት በምሥራቅ በኩል ነበር፤ ከምሥራቅ ነፋስ በኋላ ደግሞ ወደ ምዕራብ ዞሮ፣ የአናቱ ስለታም መስመርም ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ብሎ አገኘሁት። የክምሩ እግር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። አናቱ ግራና ቀኝ ሲወላወል አሸዋው በክምሩ ርዝመት ወደ ሰሜን ይሳባል።

በምሥራቁ ጠርዝ ያገኘሁትን ውጤት ግን መጀመሪያ አላመንሁትም፤ ጠቅላላ የነፋሱ ጉልበት ከዳርቻው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ሳለ ክምሮቹ በሶሱስፍሌይ አካባቢ ከ300 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ሌላ ስሕተት እየፈለግሁ ቀመሩን ሁለት ጊዜ መላልሼ አየሁት። ትክክል ነበር። ነፋሱ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ የተጣራው ጉዞ እጅግ ትንሽ ነው፤ የደረሰው አሸዋ ወጥቶ መሄጃ ስለማያገኝ እየተቆለለ ወደ ላይ ያድጋል። ከፍታው የነፋሱን ብርታት ሳይሆን የአሸዋውን መታሠር ያሳያል።

ዳርቻው ላይ ስመለስ ግን የነፋስ ስሌት ብቻውን አላዳነኝም። ድርሻው ከፍተኛ ስለነበር በሁሉም ቦታ ጨረቃ መሰል ክምር ብዬ መዝግቤ ነበር፤ ምስሉ ግን በአንዳንድ ስፍራ ተነጣጥለው የቆሙ ጨረቃዎችን፣ በሌላው ደግሞ ጎን ለጎን ተያይዘው ረጅም ሞገድ የሠሩ አግድም ክምሮችን ያሳያል። ነፋሱ በሁለቱም ያው ነው፤ የሚለያየው የአሸዋው አቅርቦት ነው። አሸዋ ሲያንስ በክምሮቹ መካከል ጠጠርና ጠንካራ መሬት ይታያል፣ እያንዳንዱም ክምር ለብቻው ይጓዛል፣ ትንሹም ከትልቁ ይፈጥናል፤ ሲበዛ ክፍተቱ በአሸዋ ይሞላና ቀንዶቹ ተጋጥመው ጨረቃዎቹ ይያያዛሉ። ከዚያ ወዲህ የነፋሱን ድርሻ ከማስላቴ በፊት በክምሮቹ መካከል ያለውን መሬት ቀለም አያለሁ፤ ጥቁር ወይም ግራጫ ወለል ካየሁ ጨረቃ መሰል፣ ከክምሩ ጋር አንድ ዓይነት የአሸዋ ቀለም ካየሁ አግድም ብዬ እጽፋለሁ።