መቶ ሚሊዮኑን ኮምፒውተር ሲያከፋፍለው

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ የፕሪምየር ሊግ ፋንታሲ ቡድናቸውን የሚመርጡት ተከራክረው ነው፤ የመረጧቸው ተጫዋቾች በእውነተኛው ጨዋታ በሚያሳዩት ብቃት ነጥብ ያስገኙላቸዋል። እኔ ምርጫውን ለኮምፒውተር ሰጠሁት። ደንቡም ለዚህ የተመቸ ነው፦ በ100 ሚሊዮን ፓውንድ 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይና 3 አጥቂ ይገዛል፤ ከአንድ ክለብ ከ3 ተጫዋች በላይ አይወሰድም።

ብዙዎች የተጫዋቹን የነጥብ ግምት በዋጋው ያካፍሉና ብልጫ ያለውን ከላይ ጀምረው ይገዛሉ። ብልህነት ይመስላል፤ ግን ቦታው ውስን መሆኑን ይረሳል። ሁለት የአማካይ ቦታና 14 ሚሊዮን ቀርቶናል እንበል። ውዱ አማካይ 9.5 ሚሊዮን ያወጣል፤ 6 ነጥብ ይጠበቅበታል። ሁለት መካከለኞች አሉ፦ አንዱ በ7 ሚሊዮን 4.9፣ ሌላው በ6.5 ሚሊዮን 4.6 ነጥብ። ርካሹ በ4.5 ሚሊዮን 3.4 ያመጣል። በማካፈል የሚመርጥ ሰው ርካሹንና የ6.5ቱን ይይዛል፤ 8 ነጥብ ያገኛል፣ 3 ሚሊዮኑ ግን ያለ ሥራ ይቀመጣል። ሁለቱ መካከለኞች 9.5 ነጥብ፣ ውዱና ርካሹ 9.4 ይሰጣሉ። ታዲያ መካከለኞቹ ይሻላሉ? አምበሉ እስኪታሰብ ድረስ ብቻ ነው። የአምበል ነጥብ እጥፍ ስለሚሆን፣ አምበሉ ከእነዚህ መካከል ከሆነ፣ ውዱና ርካሹ 15.4 ሲደርሱ መካከለኞቹ 14.4 ላይ ይቀራሉ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት የአዎ ወይም የአይ ጥያቄ አበጀሁ፦ ይገዛል? ይሰለፋል? አምበል ይሆናል? በፓይተን የተጻፈው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ x፣ y እና c በቅደም ተከተል የሦስቱ ጥያቄዎች መልስ ናቸው፣ p የነጥብ ግምቱ፣ P የተጫዋቾቹ ዝርዝር ነው፤ የጨዋታው ዳታ ዋጋን በአሥር አባዝቶ ስለሚያስቀምጥ በጀቱ 1000 ሆኗል፦

```
prob += lpSum(p[i]*(y[i]+c[i]) for i in P)
prob += lpSum(cost[i]*x[i] for i in P) <= 1000
for i in P:
    prob += y[i] <= x[i]
    prob += c[i] <= y[i]
```

የቦታና የክለብ ገደቦቹ፣ 11 ተሰላፊና አንድ አምበል የሚሉትም እንደዚሁ በየመስመራቸው ይጨመራሉ። ነጥብ የሚቆጠረው ለተሰላፊዎች ብቻ ስለሆነ ፕሮግራሙ ተጠባባቂዎችን ያለ ርኅራኄ ከርካሾቹ ይለቅማል። ተሰላፊ ቢጎዳ የሚተካው ሰው ስለሚያስፈልግ ለተጠባባቂ ነጥብ አንድ አሥረኛ ያህል ዋጋ እሰጣለሁ። መጠኑ የእኔ ግምት ነው።

ስሌቱ በአፍታ ያልቃል። ከባዱ የነጥብ ግምቱ ነው። የ9.5 እና የ9.4 ልዩነት ከግምቱ ስሕተት በእጅጉ ያንሳል፤ ኮምፒውተሩ ግን አንዱን ያለ ማመንታት ይመርጣል። ይህን ለመለየት ግምቶቹን በዘፈቀደ ትንሽ ከፍና ዝቅ እያደረግሁ ደጋግሜ አስፈታዋለሁ። በየጊዜው ሳይወጡ የሚቆዩትን ሳልጠራጠር እይዛቸዋለሁ። አንዴ የሚገቡ፣ አንዴ የሚወጡትን በተመለከተ ግን የጎረቤቶቼን ክርክር አዳምጣለሁ፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ከአሰልጣኙ ጋር እንደተጋጨ እነሱ ከእኔ ቀድመው ይሰማሉ።