ድምፁን አጥፍቶ ለሚያይ ሰው

ሥራዬ አጫጭር ቪዲዮዎች ከመቀረጻቸው በፊት ስክሪፕታቸውን ማረም ነው። ከምናዘጋጃቸው ውስጥ ተመልካች የሚወደው ሰው ሁሉ የሚያምነውን ነገር ይዞ የሚገለብጠውን ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። የተለመደውን አባባል ትናገራለህ፣ ትገለብጠዋለህ፣ በአንድ መረጃ ታስደግፈዋለህ፣ አለቀ። ከደቂቃ በታች።

ታዲያ አንዱ ቪዲዮ ከወጣ በኋላ ኮሜንቱን ስናነብ ግራ ገባን። «ስኳር ልጆችን ያቅበጠብጣል» የሚለውን እምነት ለማፍረስ የተሠራ ነበር። ከሥሩ ግን አንዷ «እኔም ሁሌ የምለው ይሄንኑ ነው፣ ተባረኩ» ብላለች። ሌላው ሚስቱን ታግ አድርጎ «አላልኩሽም?» ይላል። እሱ ብቻ ቢሆን ይለፍ ነበር፣ ብዙ ናቸው።

ስክሪፕቱን የጻፈችው ባልደረባችን ተናደደች። «ሰው ጆሮ የለውም እንዴ?» አለች።

ኤዲተራችን ምንም አልመለሰላትም። ስልኩን አወጣ፣ ድምፁን አጠፋ፣ ቪዲዮውን ከፈተና ሰጣት። ገና ሲጀምር ስክሪኑን ሞልቶ በትልልቅ ቢጫ ፊደል «ስኳር ልጆችን ያቅበጠብጣል» የሚል ወጣ። የጥያቄ ምልክት የለውም፣ የተሰረዘበት መስመርም የለውም። አቅራቢው ፈገግ ብሎ ያወራል። «ግን ይሄ ልክ አይደለም» የሚለው በድምፅ ብቻ ነው የመጣው፣ ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ቢታይም ማን ያነበዋል? የቪዲዮው ሽፋንም ያው ቢጫ ጽሑፍ ነው። ሳይከፍተው ያለፈ ሰው እምነቱን አንድ ጊዜ አንብቦ ሄደ ማለት ነው።

ይህ ቀልድ አይደለም። የተደጋገመ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ቢሆንም እንኳ እውነት እየመሰለ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ1977 ሐሸር፣ ጎልድስታይንና ቶፒኖ የተባሉ ተመራማሪዎች አሳይተዋል፤ ከዚያ ወዲህም በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ የምታፈርሰውን ነገር በትልቁ ጽፈህ፣ ማፍረሻውን በትንሹ ካስቀመጥክ እምነቱን በነፃ እያስተዋወቅህለት ነው።

ጽሑፉን ማስተካከል የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ስክሪን ላይ የሚወጣው መገልበጫው ይሁን ተባለ፤ «ልጆችን የሚያቅበጠብጣቸው ስኳሩ አይደለም»። እምነቱን አቅራቢው በአፉ አንዴ ይናገረዋል፣ ይበቃዋል። ሽፋኑም ተቀየረ።

የከበደው መረጃው ላይ ነበር። በመጀመሪያው ስክሪፕት ከመገልበጫው በኋላ አራት አምስት ነገር ተደርድሯል፤ ጥናት፣ ሌላ ጥናት፣ ስለ ደም ስኳር ማብራሪያ፣ ስለ ልደት ግብዣ ጫጫታ። ሁሉም ልክ ነው። ግን አንዱ ሳይገባህ ሌላው ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ እጅህ ላይ ምንም አይቀርም። አንዱን እንምረጥ ተባለ። ክርክሩ ተጀመረ።

ባልደረባችን የፈለገችው እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን ግምገማ ነው። 23 ሙከራዎችን አንድ ላይ አይቶ ስኳር የልጆችን ባህሪ እንደሚለውጥ የሚያሳይ ነገር አላገኘም። «ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?» አለች። እውነቷን ነው፣ ጠንካራው ማስረጃ እሱ ነው።

እኔ ደግሞ ከእሱ አንድ ዓመት በፊት የታተመውን ሁቨርና ሚሊክ የሠሩትን ያዝኩ። ልጆቻችን ስኳር ሲበሉ ይቅበጠበጣሉ የሚሉ እናቶች ከ5 እስከ 7 ዓመት ከሆናቸው ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ተጠሩ። 35 ልጆች ናቸው። ግማሾቹ እናቶች «ልጅዎ ብዙ ስኳር ወስዷል» ተባሉ። እውነቱ ግን አንድም ልጅ ስኳር አልተሰጠውም፤ ሁሉም የወሰዱት አስፓርቴም የሚባለውን ስኳር ያልሆነ ማጣፈጫ ነው። ያም ሆኖ ስኳር ወስዷል የተባሉት እናቶች ልጃቸውን የበለጠ ቅብጥብጥ ነው አሉ። ከልጁ አጠገብም አልራቁም፣ የበለጠ ይከታተሉትና ይገሥጹት ነበር።

ለምን ይሄኛው? ቪዲዮውን የሚያየው ሰው በልቡ የሚመልሰው መልስ አንድ ነው፤ «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ»። 23 ሙከራ ቢደረደርለት ዓይኑን አያስጥለውም። ተሳስተሃል ተብሎ ብቻ ይቀራል፣ ያየው ነገር ደግሞ መልስ አላገኘም። የእናቶቹ ጥናት ግን ያየውን አይክድበትም። ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደታየው ይነግረዋል።

«ግን እኮ እዚያ ሙከራ ውስጥ ስኳር ጭራሽ አልተፈተነም!» አለች ባልደረባችን። እዚህ ላይ ረታችኝ ማለት ይቻላል። ማንም ስኳር ካልበላ፣ ስኳር አያቅበጠብጥም ብሎ ከዚያ መደምደም አይቻልም። ጥናቱ የሚያሳየው የእናት ግምት የምታየውን እንደሚቀይር ነው። ልጆቹም ጥቂት ናቸው። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። ስክሪን ላይ የሚወጣው መገልበጫ የሚቆመው በ1995ቱ ግምገማ ላይ ይሁን፤ እሱ ከቪዲዮው ሥር በጽሑፍ ይቀመጥ። የሚነገረው አንድ መረጃ የእናቶቹ ይሁን። አዲሱ ስክሪፕት እንዲህ ወጣ፦

«ልጅዎ ከረሜላ በልቶ ሲቅበጠበጥ ስኳሩ ነው ብለው ያውቃሉ? ሙከራዎች ሲታዩ ግን ስኳሩ አይደለም። በአንድ ጥናት ላይ ለእናቶች ልጃችሁ ብዙ ስኳር ወስዷል ተባለ። እናቶቹም ቅብጥብጥ ብሏል አሉ። ልጆቹ ግን ስኳር አልቀመሱም ነበር።»

በቃ። ጮክ ብለን በሰዓት እየለካን አነበብነው፣ ቦታ ተረፈው። ባልደረባችን የተረፈውን ቦታ በሌላ መረጃ ልትሞላው ስትል ኤዲተሩ «ዝም በይ፣ ሰው ይሣቅበት» አላት። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከተነገረች በኋላ አቅራቢው ለአፍታ ዝም ብሎ ካሜራውን ያያል። እኔ ከሁሉም የምወደው እሷን ነው።

«ሙከራዎች ሲታዩ» የምትለዋ ሐረግም ዝም ብላ አልገባችም። ግምገማው ራሱ ትንሽ ተጽዕኖ ሊኖር ይችላል፣ ወይም በጥቂት ልጆች ላይ ሊሠራ ይችላል የሚለውን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። «በፍጹም፣ በማንም ላይ» ብንል ምንጫችን ያላለውን እንናገር ነበር።

ድጋሚ ሲወጣ «አላልኩሽም?» የሚለው ጠፋና በቦታው «ታዲያ እንደልብ ይብሉ?» የሚል መጣ። ይሄ ይሻላል፤ ቢያንስ መልእክቱ ደርሷል። ስኳር ጥርስ ማበላሸቱ እንዳለ መሆኑን የምትገልጽ አጭር መልስ ጽፈን ከኮሜንቶቹ አናት ላይ ሰካናት። ቪዲዮው ውስጥ አላስገባናትም፣ ሁለተኛ ጉዳይ ስለሆነች።

በማግሥቱ ባልደረባችን «ብርድ ጉንፋን ያስይዛል» የሚለውን ልትገለብጥ አዲስ ስክሪፕት ይዛ መጣች። መለስኩባት። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ እዚህ ድረስ ልክ ነች። ግን ጉንፋን በቀዝቃዛ ወራት ይበዛል፤ ከጉንፋን ቫይረሶች ዋናው ራይኖቫይረስ ደግሞ ከሰውነት ሙቀት ትንሽ ቀዝቀዝ ባለው የአፍንጫ ውስጥ ሙቀት የተሻለ ይራባል። እምነቱ ግማሽ እግሩ መሬት ላይ ነው። በአንድ መረጃ «አይደለም» ብትል ነገ በሌላ መረጃ ትያዛለህ። እንዲህ ያለው ጉዳይ ረዘም ያለ ቪዲዮ ነው የሚፈልገው። ትንሽ አኮረፈች፣ ከዚያ «እሺ፣ መብረቅ አንድ ቦታ ሁለቴ አይመታም የሚለውስ?» አለች። ኒውዮርክ ያለውን ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ መብረቅ በዓመት ሃያ ጊዜ ገደማ ይመታዋል። እሱን ወዲያው አሳለፍኩላት።